ስምና ግስ በካርድ፦ የሁለተኛ ክፍል የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ቃል መረጣ

የማስተምረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሁለተኛ ክፍል፣ አማርኛ። ክፍሌ ውስጥ ወደ 60 የሚጠጉ ልጆች አሉ። ከሰኞ ጀምሮ ተራው የስምና የግስ ነው።

የተለመደውን አካሄድ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ግስ ማለት ድርጊትን የሚገልጽ ቃል ነው» ተብሎ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ልጆቹ በዜማ ይደግሙታል። «ግስ ምንድን ነው?» ሲባሉ ክፍሉ ይናወጣል። «ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሱን አውጡ» ሲባሉ ግን ጸጥ። ስለዚህ ዘንድሮ ትርጓሜውን ወደ ኋላ ላዘገየው ነው። መጀመሪያ ቃሉን በአካላቸው ይሥሩት፤ ቀጥሎ ይለዩት፤ ትርጓሜው መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ሁለት ዓይነት ካርድ እሠራለሁ። አንደኛው እኔ ከፊት ቆሜ የማሳየው ትልቅ የድርጊት ካርድ ነው። ሁለተኛው ልጆቹ በቡድን ሆነው የሚለዩት ትንሽ ካርድ ነው።

ዛሬ የዋለው ቀን በቃል መረጣ አለቀ። ለድርጊት ካርድ የሚሆን ግስ ሁለት ነገር ማሟላት አለበት። ልጁ ከዴስኩ ሳይወጣ ሊሠራው ይገባል፤ ሌሎቹም ከሩቅ አይተው ከሌላ ድርጊት ሊለዩት ይገባል። አጨበጨበ፣ ጻፈ፣ ታጠበ፣ ጠረገ፣ ዘለለ፣ ተኛ፣ ሳቀ፣ አለቀሰ፣ ቆፈረ፣ ጠጣ አለፉ። አሰበ፣ ወደደ፣ አወቀ ወደቁ። ግስ አይደሉም ማለቴ አይደለም፤ እንዴት ተደርገው በአካል ይታያሉ? ወደ ትንሹ ካርድ አዛውሬያቸዋለሁ። እዚያ ያስፈልጋሉ፤ አለበለዚያ ልጁ ግስ ማለት እጅና እግር የሚያንቀሳቅስ ነገር ብቻ ይመስለዋል።

ከስም ደግሞ ደብተር፣ ጠመኔ፣ ዶሮ፣ እንጀራ፣ እናት፣ ብርድ ልብስ፣ ወንዝ፣ ደብረ ብርሃን መረጥኩ። ሰውም፣ እንስሳም፣ ቦታም፣ ዕቃም እንዲኖርበት ነው።

እሑድ፣ ካርድ ሥራ

ሰፈር ካለው ሱቅ የፓስታና የሳሙና ካርቶን ለመንኩ። ባለሱቁ «ለምንሽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝና ሲሰማ ሦስት ጨመረልኝ። ነጭ ወረቀት በኮላ ለጠፍኩበት። ትልቁ ካርድ 30 በ20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ፊደሉ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ካልኖረው ከኋላ ዴስክ አይነበብም። ትንሹ 10 በ5 ነው። በአምስት አምስት ሲከፋፈሉ 12 ቡድን ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን 12 ካርድ ማለት 144 ትንንሽ ካርድ ነው። እጄ ቢዝልም ሁለቱም ልጆቼ ቆርጠውልኛል።

ሁለት ነገር ሆን ብዬ ተጠንቅቄያለሁ። የመጀመሪያው ቀለም ነው። ብዙ ጊዜ ስሙን በሰማያዊ፣ ግሱን በቀይ እንጽፋለን፤ ያምራል። ግን ልጁ ቃሉን ትቶ ቀለሙን ይለያል። ማንበብ የማይችለውም ሳይቀር ሁሉንም ትክክል አድርጎ ያስቀምጣል፤ እኛም አወቀ ብለን እንደሰታለን። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጥቁር ማርከር ተጻፈ። ሥዕልም ቢሆን ለስሙ ካለ ለግሱም ይኑር፣ ካልሆነ ለሁለቱም አይኑር። እኔ ሥዕሉን ከትንሹ ካርድ ጀርባ አደረግኩት፤ ማንበብ ያቃተው ገልብጦ እንዲያይ።

ሁለተኛው የግሱ መልክ ነው። ትልቁ ካርድ ትእዛዝ ስለሆነ «ዝለል» ብጽፍ ሴቶቹን አይመለከትም። «ዝለይ» ብል ወንዶቹ ይስቃሉ። «ዝለሉ» ለሁሉም ይሆናል። ሌላም ጥቅም አለው። የ«ሳቀ» ትእዛዝ ለአንድ ወንድ «ሳቅ» ነው፤ «ሳቅ» ደግሞ ስምም ነው። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ያለ ጣጣ አልፈልግም፤ ጣጣው የራሱ ቀን አለው። ስለዚህ ከፊት በትልቁ «ዝለሉ»፣ ከኋላ «ዘለለ»። ትንሹ ካርድ ላይ «ዘለለ» ብቻ።

ሰኞ፣ የድርጊት ካርድ

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ካርዱን አነሳለሁ፤ ቃል አልናገርም። በዓይናቸው ያነባሉ። ጠረጴዛውን በዱላ አንዴ ስመታ ሁሉም እኩል ይሠራሉ። የተጻፈው ግስ ካልሆነ እጃቸውን አጣጥፈው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ስሞቹን ከግሶቹ ጋር ቀላቅዬ ነው የማወጣው።

ካርዱን ባነሳሁበትና በምመታበት መሀል ቢያንስ ሦስት ሰከንድ እጠብቃለሁ። ይህች ጥበቃ ከሌለች ፈጣኖቹ ቶሎ ይሠራሉ፤ የቀሩት እነሱን አይተው ይከተላሉ። የሚኮርጅ ልጅ ያስታውቃል። ዓይኑ ካርዱ ላይ ሳይሆን ጎረቤቱ ላይ ነው፤ እጁም ከሌላው ትንሽ ዘግይቶ ይነሳል። እነማን እንደሆኑ በልቤ ያዝኳቸው። ለነሱ ችግሩ ሰዋስው ላይሆን ይችላል፤ ፊደሉ ይሆናል። ይህን በኋላ አጣራለሁ።

«አጨብጭቡ» ያለ ችግር ሄደ። «ታጠቡ» ሲወጣ አንዱ ፊቱን፣ ሌላው እግሩን፣ አንዷ ልብስ ታጠበች። «ልብስ ሲሆን አጠበች እንጂ ታጠበች አንልም» አልኩና አለፍኩ፤ የዛሬ ርእስ አይደለም። «ዝለሉ» ሲመጣ በጠዋቱ ብርድ የተኮማተረው ክፍል ሁሉ ተነሳ። ወለሉም ተነሳ ማለት ይቻላል። በሁለቱ ክፍሎች መሀል ያለው ጣውላ ስለሆነ የጎረቤቴ ክፍል መምህር በበሩ አንገቱን አስግጎ «ቲቸር፣ በሰላም ነው?» አለኝ። ከዚህ በኋላ ዝለሉና ሩጡ ለሜዳ ብቻ ናቸው።

ከሁሉ የጠቀመኝ «ዶሮ» ነበር። ካርዱ ሲወጣ ግማሹ ክፍል ክንፉን ያራግብ ጀመር። ቀሪው እጁን አጣጥፎ ያያቸዋል። ቆም አደረግኳቸውና ከሚያራግቡት አንዱን ጠየቅኩት።

«አባቴ፣ አሁን ምን እያደረግክ ነው?»

«ዶሮ ነኝ።»

«እሺ። ዶሮዋ ምን አደረገች?»

አሰበ። «ክንፏን አራገበች። ጮኸችም።»

«ካርዱ ላይ አራገበች ይላል?»

«አይልም። ዶሮ ነው የሚለው።»

ከዚህ ወዲህ ሁለት ጥያቄ ተከልናል። ቃሉ «ይህ ምንድን ነው?» ወይም «ይህ ማን ነው?» ለሚለው መልስ ከሆነ ስም ነው። «ምን አደረገ?» ለሚለው መልስ ከሆነ ግስ ነው። ይህ መቼም ቢሆን በቂ አይደለም፤ ለሰኞ ግን ይበቃል።

ማክሰኞ

ተገላቢጦሹን ተጫወትን። አንድ ልጅ ወጥቶ ካርዱን ብቻውን ያነባል፣ ይሠራል፤ ሌሎቹ ቃሉን ይናገራሉ። የጠበቅኩት «ቆፈረ» የሚል መልስ ነበር። የመጣው «እየቆፈረ ነው!» ነው። ልክ ናቸው፤ ድርጊቱ ዓይናቸው ሥር እየተካሄደ ሳለ ማን «ቆፈረ» ይላል? ሰሌዳው ላይ ቆፈረ፣ ይቆፍራል፣ እየቆፈረ ነው፣ ቆፈረች፣ ቆፈሩ ብዬ ጎን ለጎን ጻፍኩ። አንዷ «ቆ፣ ፈ እና ረ ሁሉም ውስጥ አሉ» አለች። «ይቆፍራል» ላይ «ፈ» ወደ «ፍ»፣ «ረ» ወደ «ራ» መለወጣቸውን ራሷ አሳየች። ስለ ሥርወ ቃል ከዚህ በላይ ሁለተኛ ክፍል ላይ አልናገርም። ግስ መልኩን እንደሚቀያይር ማየታቸው ለሐሙስ ይጠቅመኛል።

ረቡዕ፣ የመጀመሪያው የመለየት ጨዋታ

ለየቡድኑ 12 ካርድ በፌስታል ሰጠሁ። ዴስኩ ላይ በጠመኔ ሁለት ክብ ይሣላል፤ አንዱ ስም፣ አንዱ ግስ። ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን፤ ስሟ «ያከራከረ»።

ሕጉ በተራ መጫወት ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ካርድ ያወጣል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ቃሉን በአጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገባል፣ ከዚያ ያስቀምጣል። ሌሎቹ ካልተስማሙ «እቃወማለሁ» ይላሉ። ሁለቱም ወገን ምክንያት ይናገራል። ካልተስማሙ ካርዱ ጥጉ ላይ ይቀመጣል። ተራ የሌለበት ቡድን ውስጥ አንድ ጎበዝ አንባቢ ሁሉንም ጠርጎ ያስቀምጥና አራቱ ተመልካች ይሆናሉ። ዓረፍተ ነገሩን ማስገደዴም ለዚህ ነው፤ ቃሉ ለብቻው ሲሆን ልጁ የሚገምተው በመልኩ ነው።

መልክ ያልኩት እውነተኛ ነገር ነው። አንደኛው ቡድን በጣም ፈጥኖ ጨረሰ፤ አንድም ስሕተት የለበትም። ዓረፍተ ነገር ሲሠሩ ግን አልሰማሁም። ጠጋ ብዬ «እንዴት አወቃችሁ?» አልኳቸው። አንዱ በኩራት «ቲቸር፣ መጨረሻው ፊደል የመጀመሪያው ተራ ከሆነ ግስ ነው» አለኝ። ዘለለ፣ ጻፈ፣ ጠረገ፣ ሳቀ፤ ሁሉም በግእዝ ፊደል ያልቃሉ። ደብተር፣ ዶሮ፣ እናት ግን በግእዝ አያልቁም። የልጁ ዓይን ያስቀናል። ይህን ዘዴ አላወገዝኩትም፤ ለ«እሱ» ያለፈ ጊዜ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ግን «ጠጣ» እና «ተኛ» አሁንም እጃቸው ላይ ነበሩ። «እነዚህስ?» አልኩ። ተያዩ። «በራብዕ ያልቃሉ» አለ ያው ልጅ፤ «ውሻም በራብዕ ያልቃል» አለች አጠገቡ ያለችው። ለነገ ይሮጣል፣ ዘለሉ፣ ጻፈች የሚሉ ካርዶች እጨምርላቸዋለሁ። ያኔ የመጨረሻው ፊደል ምንም አይነግራቸውም።

ሐሙስ፣ ሩጫ

ከመጀመሪያው ስጠብቀው የነበረው ቀን ይህ ነው። ዛሬ የገቡት ካርዶች ጥንድ ጥንድ ናቸው፦ ሮጠ እና ሩጫ፣ ዘለለ እና ዝላይ፣ ሳቀ እና ሳቅ፣ አለቀሰ እና ለቅሶ፣ ዘፈነ እና ዘፈን፣ ተኛ እና እንቅልፍ። ጥንዶቹ አንድ ላይ እንዳይታዩ አዘበራርቄያቸዋለሁ።

ከ12 ቡድን አብዛኞቹ ሩጫን ግስ ውስጥ ከተቱት። «ድርጊት ነዋ!» ነው ምክንያታቸው። የድርጊት ካርድ ሲጫወቱ ሜዳ ላይ ሮጠዋል፤ ሩጫ ሲባል እግራቸው ይነሳል። «ድርጊትን የሚገልጽ ቃል» የሚለው ትርጓሜ ራሱም ይደግፋቸዋል። ሩጫ ድርጊት አይደለም ብሎ የሚከራከር ማን ነው? ካርዱ ያመጣውን ችግር ካርዱ ብቻውን አይፈታውም። እዚህ ላይ ከትርጉም ወደ ቃሉ ጠባይ መዞር ያስፈልጋል።

ሰሌዳው ላይ እኔ፣ እሷ፣ እነሱ ብዬ ጻፍኩ። «ሮጠን እናስገባው» አልኩ። እኔ ሮጥኩ፣ እሷ ሮጠች፣ እነሱ ሮጡ፤ አንድ ላይ ጨረሱልኝ። «አሁን ሩጫን።» አንዱ ደፋር ጀመረ፦ «እኔ ሩጫኩ...» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «እሷ ሩጫች!» አለ ሌላው፤ አልቻሉም። መልሱን ጆሯቸው ያውቀዋል፤ አማርኛ ሲናገሩ ነው ያደጉት። የእኔ ሥራ ጆሯቸውን እንዲያምኑ ማድረግ ነው። ከባለቤቱ ጋር መልኩን የሚቀይረው ግስ ነው፤ እምቢ ያለው ግስ አይደለም።

ለስም ደግሞ የራሱ መፈተኛ ቢኖር ጥሩ ነው። እዚህ ላይ መምህራን ብዙ ጊዜ «የእኔ» የምትለዋን ይጠቀማሉ፦ የእኔ ደብተር፣ የእኔ ዶሮ፣ የእኔ ሩጫ። እኔ አልወዳትም፤ ታፈሳለች። ሁለት ልጆች የቆርኪ መኪና ሲያሽቀዳድሙ «የእኔ ሮጠ፣ የአንተ ቆመ» ይላሉ፤ ፍጹም ትክክለኛ አማርኛ ነው። «ን» መጨመርም እንዲሁ ነው። «ሩጫን» ያስኬዳል፤ ግን «ሮጠን መጣን» ም ይባላል። የሁለተኛ ክፍል ልጅ እነዚህን ሁለት «ን»ዎች እንዲለይ መጠየቅ ግፍ ነው።

እኔ የያዝኳት «እወዳለሁ» የምትለዋን ነው። ቃሉን ከፊቷ አስቀምጥና ስማው። ደብተር እወዳለሁ፤ ያስኬዳል። ሩጫ እወዳለሁ፤ ያስኬዳል። ሮጠ እወዳለሁ፤ አይሆንም። ለቅሶ እወዳለሁ ሲባል «ማን ለቅሶ ይወዳል?» አሉኝ፤ ቢሆንም አባባሉ አማርኛ መሆኑን ተስማሙ። አንዷ «መሮጥ እወዳለሁስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከእሷ ጥያቄ ተነስተን መሮጥን በሁለቱም መንገድ ሞከርነው። እኔ መሮጥኩ? አይሆንም። መሮጥ እወዳለሁ? ይሆናል። ወደ ስም ክብ ገባ፤ ልጅቷ ራሷ ናት ተነስታ ያስቀመጠችው።

ከዚያ ካርዶቹን ሰብስበው እንደገና ለዩ። አሁን ጫጫታው ሌላ ሆነ። ከየዴስኩ «እኔ ዝላይኩ»፣ «እኔ እንቅልፍኩ» የሚል ሳቅ ይሰማል። ጥጉ ላይ የቀረችው አንድ ካርድ ናት፦ ሳቅ። አንድ ቡድን «ሳቅ እወዳለሁ ስለሚባል ስም ነው» አለ። ሌላው ቡድን «ቲቸር፣ ‹አንተ፣ ሳቅ!› ሲባል ግስ ናት» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ለሁለቱም ነጥብ ሰጠሁ። «ብቻዋን ስትሆን አትታወቅም፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስትገባ ነው የምትታወቀው» ያለው ከኋላ ዴስክ የሚቀመጠው ዝምተኛው ልጅ ነው። ካርዷን «ያከራከረ» ላይ ለጠፍናት፤ እዚያው ትኖራለች።

ዓርብ፣ በቀለ እና ፈተናዋ

ሳቅ በር ከከፈተች አይቀር ዛሬ የሰው ስም አመጣሁ። አማርኛ ለዚህ ቸር ነው። አበበ፣ ከበደ፣ በቀለ፣ ዘነበ፣ ታደሰ፣ ተሾመ፤ ሁሉም የሰው ስም፣ ሁሉም ግስ። ክፍሌ ውስጥም በቀለ የሚባል ልጅ አለ። ካርዱን ሳወጣ ክፍሉ ዞሮ እሱን አየ። «ስም ነው!» አሉ። በቀለ ራሱ ነው እጁን ያወጣው። «የእኛ ጓሮ ባቄላ ዘርተን በቀለ» አለ።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገር በሰው አቆምናቸው። ካርድ የያዙ ልጆች ከፊት ይሰለፋሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ጽሑፍ ይነበባሉ። «በቀለ ዳቦ በላ።» ቀጥሎ «ባቄላው ትናንት በቀለ።» የመጀመሪያው በቀለ ከፊት ነው፤ ሁለተኛው መጨረሻ ላይ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። አስቀያይሬ «በላ በቀለ ዳቦ» አልኳቸው፤ ጮኹ። ከዚያ ሁለተኛውን በ«እነሱ» ፈተንነው፤ ባቄላዎቹ በቀሉ። ይሠራል። በቀለም ዛሬ የክፍሉ ዝነኛ ሆኖ ዋለ።

ይህ የቦታ ነገር ግን አደጋ አለው። ልጆች «የመጨረሻው ቃል ግስ ነው» ብለው ይይዙና ሌላውን ሁሉ ይጥላሉ። ስለዚህ የዛሬዋን አጭር ፈተና ለዚሁ አዘጋጀኋት። ግስ ካለ ከሥሩ አስምሩ፤ ከሌለ ምንም አታስምሩ።

አልማዝ ወተት ጠጣች።
አንድ ትልቅ ዶሮ
ሩጫው አደከመኝ።
ልጆቹ ዋንጫውን ሰበሩ።

ከዶሮ በቀር ቃላቸው አዲስ ወይም መልኩ የተለወጠ ነው፤ የካርዱን ቦታ በቃሉ ያጠና አይጠቀምም። ሁለተኛው ላይ ዶሮ ከሥሩ የተሰመረበት ወረቀት የሚነግረኝ ልጁ በቦታ ብቻ እየሄደ መሆኑን ነው። ሦስተኛው ላይ ሩጫው ከተሰመረበት ልጁ ገና ከድርጊት ትርጉም አልወጣም፤ አደከመኝ በአካል የሚሠራ ነገር ስላልሆነ ግስ አልመሰለውም። ሰበሩ እና ጠጣች የጠፋበት ደግሞ መልኩ የተቀየረን ግስ አያውቀውም፤ «ዘለለ» ዓይነቱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ወረቀቶቹን ማታ አየሁ። መጀመሪያውና አራተኛው ለአብዛኞቹ ቀላል ነበር። ያስቸገረው ሁለተኛው ነው። «ግስ ከሌለ አታስምሩ» እየተባለም ልጅ ባዶ መስመር መተው አይወድም። ሦስተኛው ላይ ሩጫውን ያሰመሩ አሉ፤ ሐሙስ ከጮኹት መሀልም ጭምር። ለነሱ ሰኞ በዴስካቸው እሄዳለሁ።

ሰኞ፣ ከቤት የመጣ ቃል

ለቅዳሜና እሑድ አንድ አንድ ቃል ከቤታቸው እንዲያመጡ ነግሬ ነበር። ወላጅ ቢጽፍላቸውም ችግር የለም። አሮጌዎቹ ካርዶች እየተለመዱ ነው፤ ቡድኖቹ ቃሉን ሳያነቡ በካርዱ ጠርዝ ቆሻሻ እየለዩ ያስቀምጡ ጀምረዋል። ይህ የሚታወቀው ፍጥነታቸው ሲጨምር የዓረፍተ ነገሩ ድምፅ ደግሞ ሲጠፋ ነው።

የመጣው ቃል ደስ ይላል። ምጣድ፣ ሞባይል፣ ቆሎ፣ አያቴ፣ ጋገረች፣ ገመድ፣ ፈተለች፤ የብርድ ልብስ አገር አይደል። አንዱ «ቻርጅ አደረገ» ብሎ አመጣ። ሌላዋ «ቁጭ አለ»። ይህች ራሷን የቻለች ጉዳይ ናት። ልጆቹ መቀስ አንስተው ቁጭን ለብቻ፣ አለን ለብቻ ሊቆርጡ ነበር። «ቁጭ እወዳለሁ» ያስኬዳል? አይሄድም። «እኔ ቁጭኩ» ያስኬዳል? ይሄኛውም አይሄድም። ቁጭ ብቻዋን ከሁለቱም ክብ ተባረረች። «እኔ ቁጭ አልኩ፣ እሷ ቁጭ አለች፣ እነሱ ቁጭ አሉ» ሲባል ግን ልክ ገባ። ስለዚህ ሁለቱ ቃል አንድ ካርድ፣ አንድ ግስ። ዝም አለ፣ ብድግ አለ፣ ቻርጅ አደረገ እዚያው ተከተሏት። በየጠዋቱ «ብድግ በሉ፣ ቁጭ በሉ» ለምንላቸው ልጆች ይህን ዓይነት ግስ ያለ ካርድ መተው አይቻልም።

በእረፍት ሰዓት ባለፈው ሰኞ በልቤ የያዝኳቸውን ኮራጆች አንድ በአንድ አስጠጋሁ። ካርድ ሳላሳይ ቃሉን በአፌ ብቻ ነገርኳቸው፦ ሮጠ፣ ምጣድ፣ ዝላይ፣ ጋገረች። «ስም ወይስ ግስ?» ብዙዎቹ ከነምክንያቱ መለሱልኝ፤ «ዝላይ እወዳለሁ ይባላል፣ ስም ነው» ያለኝ ልጅ ዓርብ ባዶ ወረቀት የሰጠኝ ነው። እንግዲህ የእሱ ጣጣ ሰዋስው አይደለም። ካርዱን ሳሳየው «ዝ» እና «ይ» ላይ ተሰናከለ፤ ሳድሱ አልገባውም። ለነዚህ ልጆች የሚያስፈልገው ሌላ የስምና የግስ ጨዋታ ሳይሆን የሳድስ ፊደል ልምምድ ነው። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ጥቂት ደቂቃ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። በአፍም ሲጠየቁ የተምታታባቸው ሁለት ሦስት ናቸው፤ እነሱን ከጎበዝ ተከራካሪ ቡድን ጋር አዛውሬያቸዋለሁ።

ቀጥሎ ያለው ቅጽል ነው። አስቀድሜ ሞከርኳት፤ «ቀይ እወዳለሁ» ያስኬዳል። «እወዳለሁ» የምትለው መፈተኛዬ ቅጽል ሲመጣ አትበቃኝም ማለት ነው። «በጣም» የምትለዋን ላያይዝባት አስቤያለሁ፤ በጣም ቀይ ይባላል፣ በጣም ምጣድ አይባልም። ሦስተኛ ክብ በጠመኔ ይሣላል። ካርቶን ደግሞ ባለሱቁ አስቀምጦልኛል።